ምስክርነት ወይስ የዓላማ መግለጫ? ከአገልግሎት ተነሥቶ ለሥነ መለኮት ማስተርስ ለሚያመለክት

«ለ11 ዓመት በቤተ ክርስቲያን ሰብኬአለሁ፤ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ቡድንም እመራለሁ። የመጀመሪያ ዲግሪዬ ግን በአካውንቲንግ ነው። ለሥነ መለኮት ማስተርስ ላመለክት የዓላማ መግለጫ ጻፍኩ። አንድ ወዳጄ አንብቦ ‹ይህ ምስክርነት እንጂ ማመልከቻ አይደለም፣ እምነትህን ከውስጡ አውጣው› አለኝ። መጋቢያችን ደግሞ ‹ጥሪህን ካልነገርካቸው ለምን ይቀበሉሃል?› አሉኝ። የማንን ልስማ?»

ወዳጅዎ በሽታውን አውቀው መድኃኒቱን ስተዋል። መጋቢዎ ደግሞ ጥሪ የሚጠየቅበትን ፕሮግራም ከማይጠየቅበት ጋር ደርበውታል። መግለጫን ምስክርነት የሚያደርገው እምነት በውስጡ መኖሩ ሳይሆን እምነት የማስረጃን ቦታ መያዙ ነው። «እግዚአብሔር ጠርቶኛል» የሚለው ዓረፍተ ነገር የቱ ጋ እንደሚገባ፣ የቱ ጋስ እንደማይገባ ለማወቅ አስቀድመው የሚያመለክቱት ለምን ዓይነት ትምህርት እንደሆነ መለየት አለብዎት። «ለሥነ መለኮት ማስተርስ» ብቻ ማለትዎ ይህን ገና እንዳልለዩ ያሳያል።

በዚህ ስም የሚጠሩ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ። ማስተር ኦፍ ዲቪኒቲ የሚባለው ለአገልግሎት የሚያዘጋጅ የሙያ ዲግሪ ነው። በሙሉ ጊዜ ትምህርት ሦስት ዓመት ገደማ ይወስዳል፤ ከመጽሐፍ ቅዱስና ከዶግማ ትምህርት ጎን ስብከትን፣ የምክር አገልግሎትንና የመስክ ልምምድን ይጨምራል። እዚህ ጥሪ ይጠየቃል፤ ብዙ ጊዜም የቤተ ክርስቲያን የድጋፍ ደብዳቤ አብሮ ይፈለጋል። ሁለተኛው የአካዳሚክ ማስተርስ ነው። ስሙ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያል፤ ጊዜውም ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ነው። እዚህ በዋናነት የሚፈለገው ጥያቄዎ ነው፦ ምን ማጥናት ይፈልጋሉ? ለምን? ምን ይዘውስ ይመጣሉ? ሦስተኛው ማስተር ኦፍ ቲኦሎጂ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ላይ ነው። በሰሜን አሜሪካ ሥርዓት ይህ ዲግሪ ብዙውን ጊዜ ከዲቪኒቲ ዲግሪ በኋላ የሚወሰድ ስለሆነ የአካውንቲንግ ዲግሪ ብቻ ላለው ሰው በሩ በአብዛኛው ዝግ ነው። በሌሎች አገሮች ግን ተመሳሳይ ስም ያለው ዲግሪ የተለየ የመግቢያ መስፈርት ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ስሙን ትተው የመግቢያ መስፈርቱን ያንብቡ። የማይቀበልዎት ፕሮግራም ጋ የተላከ ያማረ መግለጫ የማመልከቻ ክፍያ ከማባከን በቀር ምንም አይሠራም።

ሌላም መለየት ያለበት ነገር አለ። የአንድ ቤተ እምነት ሴሚናሪና የዩኒቨርሲቲ የሥነ መለኮት ክፍል አንድ ዓይነት አንባቢ የላቸውም። በዩኒቨርሲቲው ክፍል መግለጫዎን ከሚያነቡት ሦስት ወይም አራት መምህራን አንዱ አማኝ፣ ሌላው የሌላ እምነት ተከታይ፣ ሌላው ምንም እምነት የሌለው ሊሆን ይችላል። ይህ ማለት እምነት ያስቀጣል ማለት አይደለም። ሁሉም በጋራ ሊመዝኑት የሚችሉት ነገር ያስፈልጋቸዋል ማለት ነው። ጥሪዎን ሊመዝኑት አይችሉም፤ ጥያቄዎን ግን ይችላሉ። በብዙ ሴሚናሪዎች ደግሞ ከዓላማ መግለጫው የተለየ «የእምነት መግለጫ» ወይም «መንፈሳዊ የሕይወት ታሪክ» የሚባል ጽሑፍ ይጠየቃል። እንዲህ ያለ ክፍል ካለ ምስክርነትዎ ሙሉ ቤት አግኝቷልና እዚያ ያስቀምጡት፤ በዓላማ መግለጫው ውስጥ አይድገሙት።

አሁን ወደ ጽሑፉ። ከአገልግሎት የሚመጡ አመልካቾች መግለጫ በአብዛኛው እንዲህ ይጀምራል፦

«ከልጅነቴ ጀምሮ በእግዚአብሔር ቤት ያደግሁ ስሆን በ19 ዓመቴ ጌታ ለአገልግሎት ጠራኝ። ባለፉት ዓመታት በብዙ ፈተና ውስጥ ታማኝነቱን አይቻለሁ። ሕዝቡ ቃሉን ተርቦ ሳይ ልቤ ይነካል። ስለዚህ ሥነ መለኮትን በጥልቀት ተምሬ ትውልዱን ለማነፅ ትልቅ ሸክም አለኝ።»

ከእነዚህ ዓረፍተ ነገሮች አንዱም ሐሰት ላይሆን ይችላል። ችግሩ ሌላ ነው። ከላይ ያለውን ስም ለውጠው ለሌላ አመልካች ቢሰጡት ምንም አይጎድልበትም። ከዚያ «ስለዚህ» የምትለዋን ቃል ይመልከቱ። ሕዝቡ ቃሉን ከተራበ መልሱ መስበክ ነው፤ እርስዎ ደግሞ ያንን ለ11 ዓመት ያለ ዲግሪ ሲያደርጉ ኖረዋል። ታዲያ ዲግሪው ለምን አስፈለገ? አንቀጹ ይህን አይመልስም። «በጥልቀት» የሚለውም የቱን ነገር፣ በምን መሣሪያ እንደሆነ አይናገርም። አንባቢው ብዕሩን ይዞ ከጎኑ የሚጽፈው ጥያቄ አያገኝም፤ ጥያቄ ያላስነሣ መግለጫ ደግሞ እንደ ተነበበ ይረሳል።

ከአገልግሎት የመጣ ሰው ጥሬ ዕቃ አያጣም። የሚያጣው ጥሬ ዕቃው የት እንደ ተቀመጠ ነው። ብዙዎች «ትልልቅ ውጤቶቼ» በሚሉት ውስጥ ይፈልጉታል፦ ስንት ሰው ተመለሰ፣ ስንት ቡድን ተመሠረተ። ይልቅ ሲያስተምሩ የተንገዳገዱበትን ቦታ ይፈልጉ። የጠየቁዎትን ጥያቄ በደንብ ሳይመልሱ ያለፉበት ቀን፣ ጥቅሱ ለማለት የፈለጉትን አልል ያለበት ጊዜ፣ ሁለት ትርጉሞች ተለያይተውብዎት አንዱን ዝም ብለው የመረጡበት አጋጣሚ። የጥናት ጥያቄ የሚበቅለው እዚያ ነው።

አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው ልውሰድ። የጥናት ቡድን የሚመራ አመልካች «ስለ መከራ ማጥናት እፈልጋለሁ» ብሎ ይነሣል እንበል። ይህ የርዕስ ስም እንጂ ጥያቄ አይደለም፤ አንድ ቤተ መጻሕፍት ይሞላል። አንድ ደረጃ ሲያጠበው «መከራ በመዝሙረ ዳዊት» ይሆናል። አሁንም ሰፊ ነው። እንደገና ሲያጠበው የልቅሶ መዝሙራት ላይ ይደርሳል፤ እነዚህ ጸሎተኛው ለእግዚአብሔር የሚያማርርባቸው መዝሙራት ናቸው። እዚህ ላይ ያስተማረውን ማስታወስ ይጀምራል። መዝሙር 13 «እስከ መቼ» እያለ ይጀምርና በመጨረሻዎቹ ስንኞች ወደ መታመን ይዞራል፤ ለማስተማር ምቹ ነው። መዝሙር 88 ግን አይዞርም። ጸሎተኛው ይጮኻል፣ ወዳጆቹ ይርቁታል፣ መዝሙሩ መልስ ሳይመጣ ይዘጋል። ሰውዬው ይህን መዝሙር ሲያስተምር ምን አደረገ? ከሌላ ቦታ የተስፋ ጥቅስ አምጥቶ ዘጋው። ቡድኑ ተጽናንቶ ወጣ፤ የተማረው ግን መዝሙር 88ን አልነበረም።

ይህ ለጥያቄ በቂ ነው፤ ገና ግን የእሱ ብቻ ነው። የአካዳሚክ ጥያቄ የሚሆነው ሌሎች ምን እንዳሉ ሲያውቅ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ሃያ መጽሐፍ አያስፈልገውም። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ጀርመናዊው የብሉይ ኪዳን ምሁር ሄርማን ጉንከል መዝሙራትን በዓይነት እየለየ ሲመድብ ልቅሶን ራሱን የቻለ ክፍል አድርጎ እንዳስቀመጠው ያነብባል። ከዚያ የጉንከል ተማሪ የነበረው ዮአኪም ቤግሪክ በ1934 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ ልቅሶው በድንገት ወደ መታመን የሚዞረው በመካከል ካህኑ የመዳን ቃል ስለሚናገር ነው የሚል ግምት ማቅረቡን ያያል። ይህ ካህን በመዝሙሩ ጽሑፍ ውስጥ አይታይም፤ መኖሩ የተገመተው መዞሩን ለማስረዳት ነው። አሁን የእኛ ሰው ያለው ነገር ክብደት አገኘ። መዞር የሌለበት መዝሙር ለዚህ ማብራሪያ ምን ያደርገዋል? ወደ መታመን የመዞርን ልማድ ጥንካሬ የሚያሳይ ልዩ ሁኔታ ነው ወይስ ልማዱ ራሱ ከታሰበው በላይ ልል መሆኑን የሚጠቁም ነው?

የቋንቋ ፍላጎቱም ከዚሁ ጥያቄ ይወጣል። የመዝሙር 88 የመጨረሻ ቃል በዕብራይስጡ «ጨለማ» ነው። የሰባ ሊቃናት የግሪክ ትርጉም ግን በዚያው ቦታ «ከመከራ የተነሣ» የሚል ሐሳብ ይሰጣል። በእጁ ያለው ትርጉም ግሪኩን የተከተለ ከሆነ ይህ አመልካች መዝሙሩ በምን ቃል እንደሚዘጋ ሳያውቅ ዓመታት አስተምሯል ማለት ነው። «ዕብራይስጥ መማር እፈልጋለሁ» ከማለት ይልቅ ዕብራይስጥ የሚያስፈልገው የት ጋ እንደሆነ በጣቱ ማሳየት ይችላል። በነገራችን ላይ ይኸው መዝሙር በግሪኩ ቆጠራ 87 ነው። የሚጠቅሱትን የመዝሙር ቁጥር በየትኛው ቆጠራ እንደሆነ አለመግለጽ ትንሽ ስሕተት ትመስላለች፤ ለብሉይ ኪዳን መምህር ግን ጸሐፊው ሁለት ቆጠራ መኖሩን እንደማያውቅ ትነግራለች።

ይህ ሁሉ በመግለጫው ውስጥ ሲገባ እንዲህ ሊመስል ይችላል፦

«በምመራው የጥናት ቡድን ለሁለት ዓመት መዝሙራትን በተከታታይ አስተምሬአለሁ። የልቅሶ መዝሙራትን ሳስተምር መዝሙር 13ን እንደ መነሻ እወስድ ነበር፦ ጸሎተኛው ያማርራል፣ ይለምናል፣ በመጨረሻም ይታመናል። መዝሙር 88 (በዕብራይስጡ ቆጠራ) ላይ ስንደርስ ይህ መንገድ አልሠራም፤ መዝሙሩ ያለ መልስ ስለሚዘጋ የጎደለውን ከሌላ ምንባብ ሞላሁ። በኋላ ሳነብ ችግሩ የእኔ ብቻ እንዳልሆነ ተረዳሁ። የቤግሪክ ማብራሪያ ልቅሶው ለምን እንደሚዞር ያስረዳል፤ መዞር የሌለበትን መዝሙር ግን ምን እንደምናደርገው አያሳየኝም። በማስተርስ ጥናቴ መመርመር የምፈልገው መዝሙር 88 ስለ ልቅሶ ቅርጽ የተለመደውን አረዳድ ምን ያህል እንደሚፈትን ነው። ለዚህም የመጨረሻውን ስንኝ በዕብራይስጥና በግሪክ ማንበብ መቻል አለብኝ።»

ቃላቱን ይቁጠሯቸው፤ መቶ እንኳ አይሞሉም። ማስተማሩ አለ፣ ቡድኑ አለ፣ እምነቱም አለ፤ ለማያምን ሰው መዝሙር አያስጨንቀውምና። «ጌታ ጠራኝ» ግን አላለም። አንባቢውም ቢያንስ ሦስት ነገር ሊጠይቀው ይችላል፦ መዝሙር 89ም በልቅሶ መዝጋቱን አይተሃል? ሁለቱ ጎን ለጎን የተቀመጡት በአጋጣሚ ነው? ጉዳዩ የቅርጽ ነው ወይስ የመጽሐፉ አደረጃጀት? እንዲህ የሚያስጠይቅ አንቀጽ ግቡን መትቷል። አመልካቹ መልሱን ማወቅ አይጠበቅበትም። ማስተርስ የሚገባው ስለማያውቀው ነው።

ምሳሌውን እንዳይቀዱት አደራ። የእርስዎ ጥያቄ ከገላትያ መልእክት ወይም ከጥምቀት ትምህርት ሊወጣ ይችላል፤ በቤተ ክርስቲያን አስተዳደር ታሪክ ውስጥም ሊገኝ ይችላል። የሚቀዳው መንገዱ ነው፦ ያስተማሩት ነገር፣ የተሰነጠቀበት ቦታ፣ ሌላ ሰው ስለ ስንጥቁ ያለው፣ የቀረው ጥያቄ፣ ለመልሱ የሚጎድልዎት መሣሪያ።

እዚህ ላይ ከአገልግሎት የሚመጡ ሰዎች በብዛት የሚወድቁበት ወጥመድ አለ። ጥያቄ ብለው የሚያቀርቡት መደምደሚያ ይሆናል። «ዘመናዊ ተቺዎች በመዝሙራት ላይ ያነሡትን ስሕተት ማጋለጥ እፈልጋለሁ» የሚል ሰው መልሱን ቤቱ ጨርሶ መጥቷል፤ ከትምህርት ቤቱ የሚፈልገው ማኅተም ብቻ ነው። አንድ ጥናት ጥናት የሚሆነው ውጤቱ አጥኚውን ሊያስገርመው ሲችል ነው። ረቂቅዎን ለመፈተን ራስዎን ይህን ይጠይቁ፦ ምን ዓይነት ማስረጃ ባገኝ የአሁኑን አሳቤን አስተካክላለሁ? መልስ ካጡ ዓረፍተ ነገሩን እንደገና ይጻፉ። ይህ እምነትዎን ለድርድር ያቅርቡ ማለት አይደለም። በምሳሌያችን ያለው ሰው መዝሙር 88 ቅዱስ ቃል መሆኑን ሳይጠራጠር የመዝሙሩን ቅርጽ በተመለከተ ግን ሊሳሳት ይችላል። አቋምዎ የት ላይ እንደጸና፣ ጥያቄዎ የት ላይ እንደተከፈተ በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢለዩ ከሴሚናሪም ከዩኒቨርሲቲም አንባቢ ጋር ያግባባዎታል።

ተቃራኒው ወጥመድም አለ፤ የወዳጅዎ ምክር ወደዚያ ይወስድዎታል። አገልግሎቱን ሙሉ በሙሉ አውጥቶ እንደ ገለልተኛ ተመራማሪ ለመምሰል መሞከር። የሥራ ማስረጃዎ ላይ 11 ዓመት ስብከት ተጽፎ መግለጫዎ ስለ እሱ ዝም ካለ አንባቢው የሚያስበው «ምን ደበቀ?» ብሎ ነው። የአንዳንዶቹ መግለጫ ከዚህም አልፎ የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን «ወግ አጥባቂ» እያለ ይነቅፋል፤ አንባቢውን ለማስደሰት መሆኑ ነው። አያስደስትም። ያሳደገውን ማኅበረሰብ ለመግቢያ ፈቃድ የሚሸጥ ሰው ነገ እኛንም እንዲሁ ያደርገናል ያሰኛል።

የአካውንቲንጉን ነገር በሁለት ዓረፍተ ነገር ይጨርሱት። ምን እንደተማሩና ከዚያ ወዲህ ለሥነ መለኮት ምን ዝግጅት እንዳደረጉ ይናገሩ። ሒሳብ ማመጣጠንን ከጽድቅ ጋር የሚያነጻጽር አንቀጽ አይጻፉ፤ ይህን የሚሞክሩ ሰዎች ብዙ ናቸው፣ አንዱም አይሳካለትም። የዲግሪዎ መስክ መለየቱን የሚያካክሰው ማስረጃ ነው። ጠንካራው ማስረጃ ደግሞ አብሮ የሚላከው የጽሑፍ ናሙና ነው። ናሙና ከተጠየቁ ስብከት አይላኩ። ስብከት ምንባቡን ይዞ ወደ ምክር ይሄዳል፤ ድርሰት ምንባቡን ይዞ ወደ ክርክር ይሄዳል። ዝግጁ ድርሰት ከሌለዎት በመግለጫው ላይ ባነሡት ጥያቄ ዙሪያ ከ10 እስከ 12 ገጽ ይጻፉ፤ ስድስት ወይም ሰባት የሚሆኑ ምሁራዊ ጽሑፎችን በአግባቡ እየጠቀሱ። ሁለት ወር ገደማ ይፈልጋል። ጥቅሙ ግን ድርብ ነው፤ ድርሰቱን ሲጨርሱ የመግለጫው ማዕከል ራሱ ተጽፎ ያገኙታል። ስለ ቋንቋም እውነቱን ይናገሩ። ፊደል ለይተው ጥቂት ግሥ ማርባት ከጀመሩ «ጀምሬአለሁ» ይበሉ። «ግሪክ አውቃለሁ» ያለ አመልካች በቃለ መጠይቅ አንድ ስንኝ ሲቀርብለት ምን እንደሚሆን ማሰብ አይከብድም።

ርዝመቱን ትምህርት ቤቱ ይወስናል፤ ከ500 እስከ 1000 ቃል የተለመደ ነው፣ ከተባለው በላይ መጻፍ ደግሞ መመሪያ አለማንበብ ነው። 800 ቃል ቢፈቀድልዎ ወደ 350 የሚሆነውን ለጥያቄው ይስጡ፤ ያለፈው አገልግሎት ጥያቄውን እስከወለደ ድረስ በዚያው ውስጥ ይግባ። ለዝግጅትዎ 200፣ ለምን እዚህ ትምህርት ቤት ለሚለው 150፣ ከዲግሪው በኋላ ለሚሠሩት 100። ለማመልከቻው ማዕከል ያልሆነ የአገልግሎት ዝርዝር ሁሉ ወደ ሥራ ማስረጃው ይሂድ። ለዲቪኒቲ የሚያመለክቱ ከሆነ ሚዛኑ ይለወጣል፦ ጥሪው 200 ቃል ያህል ይገባዋል፤ ጥያቄው ያጥራል እንጂ አይጠፋም። እዚያም ቢሆን ጥሪውን የሚያዩት ሰዎች ማን እንዳረጋገጠው፣ በምን ሥራ እንደተፈተነ ማወቅ ይፈልጋሉ። «ተጠራሁ» ከማለት ይልቅ ማኅበረ ምእመናኑ በየትኛው ኃላፊነት ላይ፣ ስንት ጊዜ እንዳስቀመጡዎት መናገር ይሻላል።

«ለምን እዚህ?» ለሚለው የትምህርት ቤቱን ድረ ገጽ መልሶ መገልበጥ መልስ አይሆንም። «ታዋቂና አንጋፋ ተቋም» መሆናቸውን እነሱም ያውቃሉ። ከጥያቄዎ ጋር የሚገናኝ አንድ ወይም ሁለት ኮርስ፣ አንድ መምህርና የዚያ መምህር አንድ ያነበቡት ጽሑፍ ይበቃል። የመምህሩን ስም ከመጻፍዎ በፊት ጡረታ አለመውጣታቸውን፣ ወደ ሌላ አለመዛወራቸውን ያጣሩ። ለአምስት ትምህርት ቤት የሚልኩ ከሆነ ይህን አንቀጽ ለእያንዳንዱ እንደ አዲስ ይጻፉት፤ በቀድሞው ላይ ስም ብቻ ሲለውጡ አንዱ ስም ሳይለወጥ ይቀራል።

ስለ ቃላት አንድ ጥንቃቄ። መግለጫውን በሌላ ቋንቋ የሚጽፉ ከሆነ «ሸክም አለኝ»፣ «ጌታ በልቤ አስቀመጠ»፣ «ቅባት»፣ «በር ተከፈተልኝ» የሚሉት በቀጥታ ሲተረጎሙ ወይ ትርጉም ያጣሉ፣ ወይ ያልታሰበ ነገር ይናገራሉ። ለእያንዳንዱ ከኋላው ያለውን ድርጊት ይፈልጉ። «ሸክም አለኝ» ማለት ምን አደረጉ ማለት ነው? በየሳምንቱ ሁለት ቀን ሆስፒታል ሄደው ሕሙማንን ይጠይቁ ነበር? እንግዲያው ያንን ይጻፉ። የአንሴልምን «ማስተዋልን የምትሻ እምነት» ወይም የአውግስጢኖስን ዕረፍት ያጣ ልብ በመክፈቻ መጥቀስም ይቅር። ሐሳቦቹ ውብ ናቸው፤ ግን አንባቢው ዛሬ ከእርስዎ በፊት ከሌሎች ሲያነባቸው ውሏል።

የድጋፍ ደብዳቤዎቹም ከመግለጫው ጋር መናበብ አለባቸው። መጋቢዎ ስለ ባሕርይዎና ስለ አገልግሎትዎ ይመስክሩ፤ ያ ምስክርነት ከእርስዎ አፍ ይልቅ ከእሳቸው ሲወጣ ይበልጥ ይታመናል። ለአካዳሚክ ፕሮግራም ግን ቢያንስ አንዱ ደብዳቤ ጽሑፍዎን አርሞ ነጥብ ከሰጠዎት መምህር፣ የአካውንቲንግ መምህርም ቢሆን፣ መምጣት አለበት። ለሁለቱም የመግለጫውን ረቂቅ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ይስጧቸው።

ምክሬ ይህ ነው፦ አሁን ያለዎትን ረቂቅ አያርሙት፤ ያስቀምጡትና የእምነት መግለጫ ለሚጠይቅ ትምህርት ቤት ይጠቀሙበት። የዓላማ መግለጫውን ከባዶ ገጽ ይጀምሩ፤ ካስተማሩት ውስጥ ያልሠራውን አንድ ምንባብ ወይም ትምህርት መርጠው ከዚያ ይነሡ። ጥያቄዎን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፈው ለወዳጅዎና ለመጋቢዎ ለየብቻ ያሳዩ። ወዳጅዎ «ይህን እንዴት ልትመልሰው ነው?» ካሉ፣ መጋቢዎም «ይህ መቼ ነው የገጠመህ?» ካሉ ቀሪውን መጻፍ ይችላሉ። ሁለቱም «በጣም ጥሩ ነው» ብለው ከመለሱልዎ ግን ጥያቄው ገና አልጠበበም፤ እንደገና ይሞክሩ።